ለአራት የተካፈለ ቢል፦ በጋራ ቆጣሪ ጉዳይ ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ባለቤቱና ተከራዮቹ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ይጠቀማሉ። ወር ሲሞላ ቢሉ ይመጣል፤ አከራይም ጠቅላላውን በቤት ቁጥር አካፍሎ የየድርሻውን ይነግራል። ሁሉም ተመሳሳይ ቢጠቀም ይህ ጥሩ ነው። አንዱ ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረ ሌላው ሁለት አምፖል ብቻ ሲያበራ ግን እኩል መካፈል አንዱን በሌላው ወጪ ማኖር ይሆናል። ተከራይ ብዙ ጊዜ ቅሬታውን በር ላይ ቆሞ፣ በስሜት ይናገራል፤ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ በሚቀጥለው ወር ቢሉ ያው ነው። በቁጥር የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሻላል፤ ምክንያቱም አከራይ ቁጥሩን ይቀበላል፣ ካልተቀበለም የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ መናገር አለበት።

የሚከተለውን ለምሳሌ እንውሰድ። በግቢው ውስጥ አምስት ነፍስ ያለበት የባለቤቷ ቤት፣ አንድ ሰው የሚኖርበት የተከራይ ክፍልና ሌሎች ሁለት ተከራዮች አሉ። የወሩ ቢል 2,100 ብር ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 525 ብር ይደርሳል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያስተካከልኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ቢል ላይ ባሉት ይተኳቸው።

ከመጻፍ በፊት ቢሉን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ጠይቀው በስልክ ፎቶ ያንሱት። ቢሉ ላይ የቀድሞውና የአሁኑ ንባብ አለ፤ ልዩነታቸው በወሩ የተበላው ኃይል ነው። በእኛ ምሳሌ ከ18,240 ወደ 18,660 ሄዷል፤ ይህም 420 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 2,100 ብር ለ420 ሲካፈል አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በአማካይ 5 ብር አወጣ ማለት ነው። ይህ አማካይ የአገልግሎት ክፍያንና ታክስን ጨምሮ ስለሚይዝ ሌላ መደመር አያስፈልግም። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ከሆነ ግን በወሩ የተሞላው ብር የወሩ ፍጆታ ላይሆን ይችላል፤ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ንባቡን መጻፍ ይሻላል።

ቀጥሎ የየቤቱ ግምት ይሠራል። ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ዋቱ ይገኛል። ዋቱን በቀን በሚሠራበት ሰዓትና በ30 ቀን ያባዙት፣ ከዚያ ለ1,000 ያካፍሉት። 1,000 ዋት የሆነ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ 3 ብቻ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በወር አሥር ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢሠራ 70 ይደርሳል። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ የሚያሞቅ ዕቃ ያለው ቤት ብዙ ይበላል፣ መብራትና ስልክ ቻርጅ ግን ሂሳቡን ብዙም አይነኩትም። ፍሪጅ ሞተሩ እየቆመ ስለሚነሳ በዚህ መንገድ ቢሰላ ይጋነናል፤ ለተራ የቤት ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መያዝ ይቻላል።

አሁን ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

"ለተከበሩ እትዬ፣

ከሰላምታ ጋር። በጥቅምት ወር የመብራት ሂሳብ ላይ ለመነጋገር ይህን ጻፍኩ። የወሩ ቢል 2,100 ብር፣ ፍጆታው 420 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የቢሉን ፎቶ አያይዣለሁ። ከእኔ የተጠየቀው ለአራት ተካፍሎ 525 ብር ነው።

በእኔ ክፍል ያሉት ሁለት አምፖል (3)፣ ቴሌቪዥን (10)፣ አነስተኛ ምድጃ (30)፣ ካውያና ስልክ (5) ናቸው፤ በድምሩ በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት። የእርስዎ ቤት ምጣድ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሌሎችም አሉት፤ ግምቴ 240 ነው። ሁለቱ ጎረቤቶቼ 40ና 62 እንደሚሆኑ ከራሳቸው ጋር ሆነን አስልተናል። የአራቱ ግምት ድምር 390 ነው። ከቆጣሪው ንባብ 30 ያነሰ ስለሆነ የቀረውን በማንም ላይ ሳልጭን ለሁላችንም በየድርሻችን አከፋፍያለሁ።

ስለዚህ የእኔ ድርሻ፦ 48 ÷ 390 × 2,100 = 258 ብር። ከተጠየቅኩት የ267 ብር ልዩነት አለ። በግምቴ ላይ የሚያርሙት ካለ እርስዎ በሚሰጡኝ ቁጥር አብረን እናሰላለን። የወሩን 258 ብር አሁን ከፍያለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በዚህ መንገድ እንድንካፈል ወይም በየክፍሉ ቀናሽ ቆጣሪ እንዲገባ እጠይቃለሁ። የቆጣሪውን ዋጋ ግማሽ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ። እስከ ኅዳር 10 መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ"

ደብዳቤው ላይ ስለ 30ው ጉድለት የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ቢቀር አከራይዋ "ሒሳብህ ከቢሉ ጋር አይገጥምም" ብላ ልትዘጋው ትችላለች። ግምት ምንጊዜም ከቆጣሪ ይለያል፤ የግቢ መብራት፣ የውኃ ፓምፕ፣ ረስቶ ያልጠፋ ነገር አለ። ልዩነቱ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እስከሚሆን ድረስ በድርሻ ማከፋፈል ይበቃል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ግን ያልተቆጠረ ዕቃ አለ ወይም መስመር ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ማጣሪያውም ቀላል ነው፤ ሁሉም ቤቶች ብሬከራቸውን ለጥቂት ደቂቃ ያጥፉና ቆጣሪው ላይ ያለው ትንሽ መብራት ብልጭ ማለቱን ያቆም እንደሆነ ይታይ። ካላቆመ ኃይል የሚወስድ ሌላ መስመር አለ።

ተከራዮች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌላ ክርክርም አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ "48 ብቻ ስለምጠቀም በዝቅተኛው ዋጋ ልክፈል" ይባላል። ይህን በደብዳቤ እንዳይጠይቁ እመክራለሁ። ደረጃው የሚሠራው ለአንድ ቆጣሪ ስለሆነ አከራይዋ ለእርስዎ የምታስተላልፈው ዝቅተኛ ዋጋ የላትም፤ ሌሎቹ እንዲሸከሙት ማድረግም ሌላ በደል ነው። በአማካይ ዋጋ መካፈሉ ፍትሐዊ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አከራይ በቀናሽ ቆጣሪ ያነበበችውን በከፍተኛው ደረጃ ዋጋ አባዝታ ማስከፈል የለባትም፤ ተከራዮች የከፈሉትና የእርሷ ድርሻ ሲደመር ከቢሉ ከበለጠ መብራት እየሸጠች ነው።

የ267 ብሩን ክርክር ከቤት ኪራይ ጋር አያገናኙት። ኪራዩን በሙሉና በጊዜው ይክፈሉ፤ ኪራይ ቀንሶ መክፈል አከራይዋ ውሉን ለማቋረጥ ምክንያት እንድታገኝ ያደርጋል። ከዚህ በፊት የበለጠ ከፍለዋል ብለው የሚያምኑትን ወራት ዝርዝር አያይዘው ወደፊት በሚመጣ ቢል ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ ግን ይችላሉ። የኪራይ ውልዎ ስለ መብራት አከፋፈል የጻፈው ነገር ካለ መጀመሪያ እርሱን ያንብቡ፤ "እኩል ይካፈላል" የሚል ፊርማዎ ካለበት ደብዳቤው ክስ ሳይሆን ውሉ እንዲሻሻል የሚጠይቅ መሆን አለበት። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ስለሚመዘገብ የአከፋፈሉን ስሌት እዚያው ላይ ማስፈር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ቀናሽ ቆጣሪ ከተገጠመ የእርሱንም የዋናውንም ንባብ በአንድ ቀን ወስደው ሁለታችሁም ይፈርሙበት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ይስጡ፣ ሌላው ላይ "ደርሶኛል" አስፈርመው ያስቀምጡ።