መጀመሪያ ኬብል፣ ቀጥሎ ፉጨት

እሑድ ጠዋት መዘምራኑ ሲጀምሩ ማይኩ ያፏጫል። ምእመኑ ሁሉ ዞሮ ወደ ሚክሰሩ ያያል። እዚያ የተቀመጠው በጎ ፈቃደኛ ወጣት ግን እጁን የቱ ላይ እንደሚያሳርፍ አያውቅም፤ ያስተማሩት ፕሮግራም እየተካሄደ፣ በሹክሹክታ ነውና።

ስምንት መስመር ያለው ሚክሰር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ሞኒተርና አራት ማይክ ላለው አዳራሽ አራት ቅዳሜዎች ለጅማሬ ይበቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተማሪው ድምፅ አያስተካክልም። ኬብል ሳያጣምም መጠቅለልን፣ ሲከፍት ሚክሰሩን አስቀድሞ ስፒከሮቹን መጨረሻ ላይ ማብራትን፣ ሲዘጋ ደግሞ ስፒከሮቹን መጀመሪያ ማጥፋትን ይለማመዳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስፒከሩ "ጓ!" ይላል፤ ሊጎዳም ይችላል። ከዚያ አሠልጣኙ አንድ ኬብል ደብቆ ይነቅላል። ተማሪው የሚክሰሩን መብራት ያያል። ሲናገሩ መብራቱ ከተንቀሳቀሰ ድምፁ ገብቷል፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ማይኩን፣ ኬብሉንና ጌኑን ይፈትሻል።

ሁለተኛው ቅዳሜ የጌን ነው። ጌን ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን ድምፅ ይወስናል፤ ፌደር ደግሞ የሚወጣውን። ዘማሪዋ እንደ እሑዱ በሙሉ ድምፅዋ ትዘምራለች፤ ከፍ ስትል መብራቱ ቢጫ እስኪነካ፣ ቀዩን ግን እንዳይደርስ ጌኑ ይስተካከላል። "አንድ፣ ሁለት" እየተባለ በለስላሳ ድምፅ የተስተካከለ ጌን እሑድ ቀይ ማብራቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከሁሉም ይጠቅማል፦ ሆን ብሎ ማስፏጨት። ፉጨት የሚመጣው ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ሰምቶ መልሶ ሲልከው ነው፤ ዙሩ ሲደጋገም ይጮኻል። በባዶው አዳራሽ፣ ማንም ስፒከሩ አጠገብ ሳይቆም፣ ተማሪው ፌደሩን ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል። ገና "ዊ" ማለት ሲጀምር ያንኑ ፌደር ዝቅ ያደርጋል። እጁ ይህን መልስ መልመድ አለበት፤ የደነገጠ ሰው ሁሉንም ነገር ይነካካልና። ቀጥሎ ማይኩን በእጁ ጭብጥ አድርጎ ይሸፍነዋል። ሰው ፉጨት ለማቆም የሚያደርገው ይህ ዘዴ ያብሰዋል፤ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንዳይቀበል የተሠራው ማይክ ሲታፈን ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራልና። በመጨረሻ ዘማሪዋ ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ትጠጋለች። ድምፅዋ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ጌኑን መቀነስ ይቻላል፣ ፉጨቱም ይርቃል።

አራተኛው ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ነው፤ ነባሩ አገልጋይ አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ እጁን አያስገባም። ባዶው አዳራሽ ግን አንድ ነገር ይሰውራል፦ ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ድምፅ ስለሚመጥ ቅዳሜ የጎላው እሑድ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያው መዝሙር መሐል ተነስቶ ወደ ኋላ ወንበሮች ይሄዳል፣ አዳምጦም ይመለሳል።