የመብራት ቢሉን የሚያንረው አንድ ሩብ ሰዓት

አሜሪካ ውስጥ እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል ድርጅት የመብራት ቢል ሲደርሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሒሳብ ያያል። አንደኛው በወሩ ለተጠቀመበት ጠቅላላ ኃይል በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈል ነው። ሁለተኛው ዲማንድ ቻርጅ ይባላል፤ የሚሰላውም በኪሎዋት ነው። ቆጣሪው በአብዛኛው በየ15 ደቂቃው አማካይ ፍጆታን ይመዘግባል፤ ከወሩ ሁሉ ከፍተኛው ብቻ ተመርጦ በዋጋው ይባዛል። ኩባንያው ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን የሚያዘጋጀው ያንን ጫና እንዲችሉ ነውና።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎዋት የሚስቡ 10 ምጣዶች ንጋት ላይ አንድ ላይ ተለኮሱ እንበል። ማቀዝቀዣውና ሌላው 5 ኪሎዋት ሲጨመር 40 ኪሎዋት ይሆናል። የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ 15 ዶላር ቢሆን ክፍያው 600 ዶላር ነው። በቀሪው ወር ፍጆታው ቢቀንስም ይህ አይለወጥም።

አምስቱ ቀድመው ቢለኮሱስ? ምጣድ ከጋለ በኋላ እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ አማካይ ፍጆታው ይቀንሳል። የቀሩት አምስቱ ያኔ ሲለኮሱ ከፍተኛው ጫና 28 ኪሎዋት ቢሆን ክፍያው ወደ 420 ዶላር ይወርዳል። የሚጋገረው እንጀራ ግን ያው ነው።

ጥንቃቄው በየቀኑ መሆን አለበት፤ አንድ ቀን መዘንጋት የወሩን ቁጠባ ያጠፋል። አንዳንድ ኩባንያዎች እንዲያውም ያለፉትን ወራት ከፍተኛ ጫና በከፊል ይዘው ያስከፍላሉ። ስለዚህ ባለቤቱ የየ15 ደቂቃውን መዝገብ ከኩባንያው ጠይቆ ጫናው በየትኛው ሰዓት እንደናረ ይመልከት።