የምርጫ ቅጹ አንደኛ ረድፍ

ስለ ትምህርት መስክ ምርጫ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር ቢኖር ቅጹን ነው። ልጅቷ ምን ትወዳለች፣ አባቷ ምን ይላሉ፣ ሥራ ያለው የቱ ጋ ነው እያልን እናመሻለን። በመጨረሻ ግን ተማሪን ዲፓርትመንት ውስጥ የሚያስገባው በቅደም ተከተል ሞልቶ የሚያስረክበው የምርጫ ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የገባው ቤተሰብ የጭቅጭቁን ግማሽ ይገላገላል። ለዚህ ነው ዛሬ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ላስረዳችሁ የጓጓሁት።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ የሆነውን የፍሬሽማን ዓመት ይማራል። ናቹራል ይሁን ሶሻል የሚለው ግን ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ስለሚለይ፣ ከዝርዝሩ ግማሹ ያን ጊዜ ተዘግቷል። የፍሬሽማን ዓመት ሲያልቅ ዲፓርትመንቶቹ የሚቀበሉት ብዛት ይወሰናል፤ ተማሪዎች ምርጫቸውን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ይሞላሉ፤ ከዚያ በነጥብ ይመደባሉ። ነጥቡ ከፍሬሽማን ጂፒኤ ብቻ ላይመጣ ይችላል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትም የሚታሰብበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ቦታ ምርጫው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ኮሌጅ ወይም ፋኩልቲ፣ ቀጥሎ ዲፓርትመንት።

አሁን አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እንያዝ። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስትሄዱ ከምታገኟት ከጋሳይ የመጣች ናት እንበል። ኮምፒውተር ሳይንስ ትወዳለች። አባቷ ነርስ እንድትሆንላቸው ይፈልጋሉ፤ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ደመወዝ ይዛ በቅርብ ስትኖር ይታያቸዋል። ባሕር ዳር ያለው አጎቷ ደግሞ ሕንፃ በየቦታው ሲቆም እያየ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ግቢ ይላታል። አባትየው አንድ ተጨማሪ ፍርሃት አላቸው፦ «ኮምፒውተሩን አንደኛ ብለሽ ብታጪው ነርሲንጉም ያመልጥሻል።» ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም? መልሱ ያለው በምደባው ደንብ ውስጥ ነው።

ነገሩን ለማየት ትንሽ አድርገን እንሥራው። ተማሪዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ ዲፓርትመንቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ አላቸው። በነጥብ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ አድርገዋል። የእኛዋ ሦስተኛ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ፣ ሲቪል ብላ ሞልታለች። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ነርሲንግን አንደኛ፣ ሲቪልን ሁለተኛ ብለዋል።

አንደኛው አሠራር ነጥብን ያስቀድማል። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ ይጠራል፤ ከዝርዝሩ ላይ ቦታ ያለው የመጀመሪያው ምርጫ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይጠራል። ሁለቱ ቀዳሚዎች ኮምፒውተር ሳይንስን ሞሉት። የእኛዋ ተራ ሲደርስ አንደኛ ምርጫዋ የለም፣ ነርሲንግ ግን ሁለቱም ቦታ ባዶ ስለሆነ እዚያ ትገባለች። የቀረውን አንድ ቦታ አራተኛው ይወስዳል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ሲቪል ይደርሳቸዋል። በዚህ አሠራር የአባትየው ፍርሃት መሠረት የለውም። ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ በማድረጓ ከነርሲንግ አንዲት ጋት አልራቀችም።

ሁለተኛው አሠራር ግን ምርጫን ያስቀድማል። መጀመሪያ የሁሉም አንደኛ ምርጫ ብቻ ይታያል፤ ቦታው እዚያው በነጥብ ይሞላል። ኮምፒውተር ሳይንስ ለሁለቱ ቀዳሚዎች ሄደ። ነርሲንግ አንደኛ ላደረጉት ለአራተኛውና ለአምስተኛው ሄደ። በሁለተኛው ዙር የእኛዋ ነርሲንግን ስትጠይቅ ሞልቷል። ሲቪል ትገባለች። ተመልከቱ፤ በነጥብ ሁለቱንም ትበልጣቸዋለች፤ ግን ሁለተኛ ብላ ስለጻፈችው ነርሲንጉን ወሰዱባት። በዚህ አሠራር አባትየው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው።

ይህን ጉዳይ ዓለምም ተጨቃጭቆበታል። የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ተማሪዎችን ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች የምትመድበው በሁለተኛው ዓይነት አሠራር ነበር። አልቪን ሮዝና ሌሎች ኢኮኖሚስቶች ይህ አሠራር ብልሃቱን የሚያውቁ ወላጆችን ጠቅሞ የልባቸውን የሚጽፉትን እንደሚጎዳ ካሳዩ በኋላ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2005 ተወችው። ሮዝ በዚህ ዘርፍ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ወላጅም ተማሪም የትኛው ደንብ እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ቅጹን ሲሞላ ሳይ ያንገበግበኛል። ጥያቄዋ እኮ አጭር ናት፦ «ሁለተኛ ምርጫዬ ላይ፣ እኔ ነጥቤ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ቢልና እሱ ግን አንደኛ አድርጎት ቢሆን፣ ማን ይቀድማል?» ሬጅስትራር ወይም የፍሬሽማን አስተባባሪ ዘንድ ሄዶ ይህችን መጠየቅ ነው። ልጅቷ «አንቺ» የሚል መልስ ካገኘች የልቧን ቅደም ተከተል ሳትፈራ ትጻፍ። «እሱ» ካሏት ግን አንደኛው ረድፍ ውድ ነው፤ ነጥቧ የማያደርሳት ቦታ ላይ ማባከን የለባትም።

የልብ ቅደም ተከተል ስል ግን ልጅቷ ብቻዋን የምታወጣው ማለቴ አይደለም። የአባትየው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ የፋርጣ ወይም የጋይንት ልጅ መሬት ሊያገኝ የሚችለው ከወላጆቹ ማሳ ላይ ተከፍሎለት ነው፤ ያ ማሳ ደግሞ ለሦስትና አራት ልጆች ሲካፈል የገብስና የድንች ቁራሽ ይሆናል። ስለዚህ ዲግሪው በመሬት ፈንታ የሚሰጥ ድርሻ ነው። አባትየው «ነርሲንግ» ሲሉ ስለ ነርስ ሥራ እያወሩ ላይሆን ይችላል፤ በየወሩ የሚገባ ደመወዝና በዓል ሲሆን ለመምጣት የማይርቅ ቦታ ማለታቸው ነው። «አባባ፣ ነርሲንግን የመረጡልኝ ለምንድን ነው?» ብላ በአክብሮት ብትጠይቃቸው፣ የሚመልሱት የመስክ ስም ሳይሆን እነዚህን ሁለት ነገሮች ይመስለኛል። እነሱን የሚያሟላ ሌላ መስክ ካለ ደግሞ መነጋገር ይቻላል።

አጎትየው ላይ ግን ጠንከር ማለት እወዳለሁ። የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዘንድሮ ሽንኩርት ከተወደደ በሚቀጥለው መስኖ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ ምርቱ አንድ ላይ ወረታ ገበያ ሲወርድ ዋጋው ይሰበራል። ሪቻርድ ፍሪማን የተባሉ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራቸው ኢንጂነሮች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፦ ደመወዝ ከፍ ሲል ተማሪ ይጎርፋል፤ ሲመረቅ ገበያው ሞልቶ ደመወዙ ይወርዳል። ሽንኩርት በጥቂት ወራት ይደርሳል፤ ሲቪል ኢንጂነር ግን አምስት ዓመት ይፈጃል። አጎትየው የሚያየው የዛሬውን ሕንፃ ነው።

እኛ አገር ጎርፉን መንግሥትም አግዞታል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚያው ዘመን ኢንጂነሪንግ በየአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራሞች ባንድ ጊዜ ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ሐኪሞችን አየን። አገሪቱ ሐኪም በዝቶባት አይደለም፤ ጋይንት ላይ የታመመ ሰው ይህን ይመሰክራል። የጎደለው የሚቀጥርበት በጀት ነው። የሕዝብ ፍላጎትና የቅጥር ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ነርሲንግንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል።

ታዲያ ገበያው በምን ይታያል? እኔ የማምነው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያን ነው። በኩር ጋዜጣ ላይ ወይም በየወረዳው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ውሰዱ። ብዙ ሰው «ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት» የሚለውን ብቻ አንብቦ ይሄዳል። ቁም ነገሩ ያለው ቀጥለው በሚመጡት ሁለት ዓምዶች ነው፦ ብዛትና የሥራ ልምድ። «ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ብዛት 1፣ ልምድ 6 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ለአዲስ ተመራቂ ማስታወቂያ አይደለም። «0 ዓመት» የሚሉትን ብቻ ለጥቂት ወራት እየለቀማችሁ ደብተር ላይ ብታሰፍሩ፣ የትኛው መስክ ጀማሪ እንደሚቀጥር በግልጽ ይታያችኋል። አንድ ቦታ ስንት ዓይነት ዲግሪ እንደሚቀበልም እዩ። «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ» ሲል ለዚያች አንዲት ወንበር የሦስት ዲፓርትመንት ተመራቂዎች ይሻማሉ ማለት ነው። የግል ድርጅቶችና በኢንተርኔት ከሩቅ የሚሠሩ ሥራዎች እዚህ ሰሌዳ ላይ ስለማይወጡ፣ ለሶፍትዌር ይህ ዘዴ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ዝንባሌ የሚባለውም መመርመር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የሚፈተነው ባለፉት ዓመታት የተማረውን አንድ ላይ ነው። የማይወዱትን መስክ ተራ በተራ በማስታወሻ ሽምደዳ ማለፍ ድሮ ይቻል ይሆናል፤ አሁን በመጨረሻው በር ላይ ሁሉም ይጠየቃል። እናም ልጅቷ «ኮምፒውተር እወዳለሁ» ስትል እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደብተር ተዋሺና አንብቢ እላታለሁ። ዲስክሪት ማቴማቲክስና ዳታ ስትራክቸር ገጽ በገጽ ሲገለጡ ደስ ካላት፣ ፍቅሩ እውነተኛ ነው። የወደደችው ስልክ መጠገንና ኮምፒውተር መጠቀም ከሆነም ለእሱ የሚሆን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አለ። ነርሲንጉንም እንዲሁ፤ በሥራ ላይ ያለች ነርስ ስለ ሌሊት ተረኝነቷ ብታጫውታት ብዙ ታውቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረድፎች አምርሮ አስቦ የቀሩትን ዓይኑን ጨፍኖ ይሞላቸዋል። ነጥቡ መካከለኛ የሆነ ተማሪ ግን ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ምርጫዎቹ ካለቁበትም የተረፈ ቦታ ወዳለበት ይመደባል። ከምደባ በኋላ ቅያሬ የሚፈቀደው በጠባብ ሁኔታ ነው። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስትቀመጥ ከታችኛው ረድፍ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፦ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ብትመደብበት ጨርሶ የማትችለው የትኛው ነው? እሱን ወደ መጨረሻው አውርደው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ ይሙሉት።