ሦስት ሰው፣ ሦስት ደቂቃ አኒሜሽን

ሦስት ባለሙያዎችና ጥቂት ገንዘብ ያሉት ቡድን የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ካሰበ፣ ከውበቱ በፊት ሒሳቡን ቢያይ ይበጀዋል።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። በእጅ የሚሥሉ ሰዎች አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚጠቀሙበት 12 ይበቃቸዋል። ያም ሆኖ ሦስት ደቂቃ 2,160 ሥዕል ይፈጃል፤ ለዚያውም አንድ ገጸ ባሕሪ ብቻ ሲንቀሳቀስ! ማጥራቱና ቀለም መቀባቱ ገና ነው።

ስሪዲስ? «ብሌንደር» የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በ2025 ኦስካር ያገኘው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በእሱ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው። ቅርጹ፣ አጥንቱና መብራቱ ሳይዘጋጅ ገጸ ባሕሪው አንድ እርምጃ አይራመድም። ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በአምስት ደቂቃ ቢያወጣ እንኳ፣ 4,320ው ምስል 15 ቀንና ሌሊት ይወስዳል። ስህተት ከተገኘ የተበላሸው ክፍል እንደገና ይወጣል።

በተቆራረጠ ሥዕል ግን ራስ፣ ክንድና እግር ለየብቻ ተሥለው በመገጣጠሚያቸው ይያያዛሉ፤ አንዴ የተሠራው ለብዙ ክፍል ያገለግላል። የአሜሪካው «ሳውዝ ፓርክ» የ1997 የመጀመሪያ ክፍል እውነተኛ ወረቀት እየተቆረጠ ሦስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ኋላ ያንኑ የወረቀት መልክ በኮምፒውተር ሲሠሩት አንድ ክፍል በሳምንት ውስጥ ይደርስ ጀመር።

ድክመቱ መዞር ላይ ይታያል። ክርን ሲታጠፍ ክፍተት ከታየ ጫፎቹን አክብቦ መደራረብ ይበቃል፤ ፊት ሲዞር ግን የጎን ሥዕል ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ጥቂት ሥዕሎችን በእጅ መጨመር ያዋጣል።

ለእንዲህ ያለ ቡድን ምርጫው የተቆራረጠው ነው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ግን አሥር ሰከንድ ሠርቶ የፈጀውን ሰዓት ይመዝግብ።