በግ ለጎሬ፣ ክፍያ ከሚኒያፖሊስ

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በፌስቡክና በቲክቶክ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበረክታል። ሙክት በግ ታስሮ ይታያል፤ ከጎኑ ዘይት፣ ጤፍና ጋቢ ተደርድሯል፤ ከሥሩ «ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ በዓሉን ለቤተሰቦቻችሁ እኛ እናድርስ» ከሚል ጥሪ ጋር የስልክ ቁጥር ተቀምጧል። ማስታወቂያው የተለጠፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እንዲያየው የተፈለገው ሰው ግን ሚኒያፖሊስ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ነው ያለው። ላኪው ዕቃውን በእጁ አይነካም፤ ተቀባይዋ ዋጋውን አታውቅም። የዚህ ንግድ ጣጣም ጥቅሙም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢትዮጊፍት የተባለው ድርጅት ኢንተርኔት በአገራችን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ከውጭ የሚታዘዝ በግ፣ ኬክና አበባ ለቤተሰብ ያደርስ ነበር። እንዲህ ያለው አገልግሎት መጀመሪያ የተመቸው ለአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኘው የኢሉባቦር ከተማ ለመቱ፣ በዙሪያዋም ላሉት ለጎሬ፣ ለሁሩሙና ለያዮ፣ ከዋና ከተማ ሆኖ በግ ማድረስ አያዋጣም። በጉን እዚያው ገዝቶ እዚያው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ማኅበራዊ ሚዲያው የከፈተውም ይህንን በር ነው፤ ድረ ገጽ የሌለው የመቱ ባለ ሱቅ በአንድ ስልክ ብቻ አሜሪካ ያለ ደንበኛ ጋ መድረስ ቻለ።

ለመድረስ ግን መጀመሪያ መታየት አለበት። ፌስቡክ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ማስተዋወቅ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከተማ ይመረጣል፣ ዕድሜ ይመረጣል፣ በጀት ይመደባል። ይሁንና ሜታ ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አስተዋዋቂዎች ሰውን በብሔር ወይም በሃይማኖት ነክ ዝንባሌው እየለዩ እንዳያነጣጥሩ አማራጮቹን አንስቷል። ሚኔሶታ ብዙ ኦሮሞዎች የሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት ብትሆንም፣ «ሚኒያፖሊስ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ብሩን የሚያፈሰው ኢሉባቦርን በካርታ ላይ እንኳ አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ነው። በቋንቋ መለየትም ብዙ አያስኬድም፤ ውጭ የሚኖረው ሰው ስልኩን ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ነውና። በዚያ ላይ ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚፈጸም፣ የብር ሒሳብ ብቻ ያለው ባለ ሱቅ ወይ ለደላላ ይከፍላል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመዱን «ክፈልልኝ» ይላል።

ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ በሰው በኩል የሚሄደው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች የቴሌግራም ቡድን፣ የአንድ ሰፈር ልጆች የዋትሳፕ ቡድን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበር፣ ውጭ ያለ ዕድር፤ እነዚህ ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው «እኔ አዝዤ ደርሶልኛል» ብሎ የሚጽፋት መስመር ከተከፈለበት ማስታወቂያ ትበልጣለች። ዓረብ አገር በቤት ሥራ ላይ ያሉ እህቶች ደግሞ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙት በብዛት በኢሞ ነው። እነሱን የሚፈልግ ነጋዴ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የድምፅ መልእክት መላክ ይኖርበታል፤ ሥራ ላይ ሆኖ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ የለም።

ሰዓቱም የራሱ ሒሳብ አለው። በፋሲካ ሰሞን መቱ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሚኒያፖሊስ እኩለ ቀን ነው፣ ሰው ለምሳ የሚወጣበት ሰዓት። ዋሽንግተን ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ሪያድ ከመቱ ጋር እኩል ስለሆነች እዚያ ያሉት ስልካቸውን የሚያነሡት የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በውድቅት ነው። በመቱ ጠዋት የሚለጠፍ ማስታወቂያ አሜሪካ ሲደርስ ሰው ተኝቷል።

አንድ ትእዛዝ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተያዙ ናቸው። ሚኒያፖሊስ ያለች ልጅ ጎሬ ላሉት እናቷ በግ፣ አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ጋቢ ታዝዛለች። ባለ ሱቁ በጉን 9,000 ብር፣ ዘይቱን 1,400፣ ጋቢውን 2,000 ብር ያሰላል፤ ድምር 12,400። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለማጓጓዣ 500 ብር፣ ለድካሙ ደግሞ አሥር በመቶ፣ ማለትም 1,240 ብር ይጨምራል። ሁሉም አንድ ላይ 14,140 ብር መጣ። ዶላር በ140 ብር ቢመነዘር 101 ዶላር ነው።

አሁን ልጅቱ የከፈለችው በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው፣ በጉ የሚገዛው ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ገበያ ነው እንበል። በዚያ ቀን የበግ ዋጋ 1,500 ብር ቢጨምር የባለ ሱቁ ትርፍ በሙሉ ይበላል፣ ከኪሱም 260 ብር ይወጣል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ወይ ይከስራሉ፣ ወይ አነስ ያለ በግ ገዝተው ይልካሉ። ሁለተኛው ከኪሳራው የከፋ ነው፤ እናትየው በስልክ «ልጄ፣ በጉ ደርሶኛል፣ ግን ግልገል ናት» ያሉ ዕለት ያ ቃል በቡድኑ ውስጥ ሁሉ ይዞራል። ልምድ ያለው ነጋዴ በጎቹን ቀድሞ ገዝቶ ያስቀልባል፣ የቀለቡንም በዋጋው ውስጥ ያስገባል፤ አለበለዚያ በጉን በመጠን ደረጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የመጨረሻ የማዘዣ ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ በዕለቱ ዋጋ እንደሚሆን አስቀድሞ ይናገራል።

የምንዛሪው ነገርም እንዲሁ አይናቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ዋጋ ለጥፎ የተወ ሱቅ በአንድ ወር ውስጥ በግን በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ሆኖ ይታያል። ላኪዎች ይህንን ቶሎ ያስተውላሉ፤ የዕለቱን ምንዛሪ ከሱቁ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸውና። ስለዚህ ዋጋን በብር ጽፎ የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ ከጎኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ክፍያው ነው። አሜሪካ ላለ ሰው የሚቀለው ዜል ወይም ካሽ አፕ ነው፤ ባለ ሱቁ እዚያ ዘመድ ካለው ገንዘቡ ወደ ዘመዱ ሒሳብ ይገባል፣ በጉ እዚህ በብር ይገዛል። ዶላሩ ግን ወደ አገር አልገባም። ይህ በተግባር ከባንክ ውጭ የሚደረግ ሐዋላ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። ላኪዋም ብትታለል የምታሳየው ደረሰኝ የላትም፤ ገንዘቡን የላከችው ለማታውቀው ግለሰብ ነው። ጤናማው መንገድ በባንክ፣ ፈቃድ ባለው አስተላላፊ ድርጅት፣ ወይም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረውና ከውጭ የሚላክ ገንዘብም በሚቀበለው ቴሌብር መላክ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ኢሉባቦር ውስጥ የሚያጋጥም አንድ እንቅፋት አለ፣ እሱም የስም አጻጻፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በቁቤ ሲጻፍ Caaltuu የሚለው ስም፣ ላኪዋ ዘንድ Chaltu ሆኖ ይሞላል። የዌስተርን ዩኒየን ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ትክክል ቢሆንም ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ባንኩ ገንዘቡን ላይከፍል ይችላል፤ ላኪዋ ደውላ እስክታስተካክል ቀን ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ላኪዋ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት የመታወቂያው ፎቶ ይላክላት፤ ስሙን ፊደል በፊደል ትገልብጠው።

ሐሰተኛ ደረሰኝም አለ። ደንበኛ መስሎ «ከፍያለሁ» ብሎ በስልክ የተቀናበረ የባንክ ማስተላለፊያ ፎቶ የሚልክ ሰው ያጋጥማል። የንግድ ባንክ ዝውውር በFT የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው። ባለ ሱቁ ፎቶውን አይመን፤ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን እስኪያይ በጉን ከበረት አያውጣ። ላኪዎችም የሚጠራጠሩበት ምክንያት አላቸው። ትናንት የተከፈተ፣ አስተያየት መስጫው የተዘጋ፣ ፎቶዎቹ ከሌላ ገጽ የተወሰዱ፣ «ቶሎ ክፈሉ፣ ሊያልቅ ነው» የሚል ገጽ ሲያዩ ይሽሹ። ማረጋገጫው ቅርብ ነው፤ «መቱ ውስጥ የት ነው ሱቃችሁ?» ብሎ መጠየቅና እዚያው ያለ ዘመድን እግረ መንገዱን ጎራ እንዲል መላክ።

ገበያውን የሚያሰፋው የርክክብ ቪዲዮ ነው። እናት በራቸው ላይ በጉን ሲቀበሉ፣ ልጃቸውን በስሟ ጠርተው ሲመርቁ የሚታይበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለላኪዋ ደረሰኝ፣ ለሱቁ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ብዙ ሱቆች አይጠብቁም። ለልጅቱ በግል የተላከው ቪዲዮ በቲክቶክ ሲለጠፍ የእናትየው ቤት፣ የሰፈሩ ምልክት፣ «ልጇ ውጭ ናት» የሚለው ወሬም አብሮ ይለጠፋል። ብድር ጠያቂው ይመጣል፤ ከዚያ የከፋም ሊመጣ ይችላል። እናትየው ለመቀረጽ እሺ ቢሉ እንኳ ቪዲዮው ስንት ሺህ ሰው ጋ እንደሚደርስ ማንም አልነገራቸውም። ጠንቃቃ ሱቅ እናትንም ልጅንም በቅድሚያ ይጠይቃል፣ ለአደባባይ የሚወጣውን ከእጅና ከዕቃ በላይ አያሳይም።

ማድረሱም ቀላል አይደለም፤ ጎሬ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በክረምት ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ባጃጅ አይገባም፤ ዕቃው በሞተር ብስክሌት፣ ከዚያም በሰው ትከሻ ነው የሚደርሰው። በዚህ ወቅት ላኪዎች ከበግ ይልቅ ቆርቆሮና ፍራሽ ቢያዝዙ አይገርምም፤ ቆርቆሮ ደግሞ በሞተር አይሄድም። የማጓጓዣውን ዋጋ እንደ በጋው አድርጎ የለጠፈ ሱቅ ሰኔ ላይ ይቸገራል።

መሥመሩ ራሱም ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል አልተከፈተም፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ታግደው ነበር። ደንበኞቹን በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ያኖረ ነጋዴ በዚያ ጊዜ ማንን እንደሚያገለግል እንኳ አያውቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ላኪና ተቀባይ ስልክ፣ የታዘዘው ዕቃ፣ የተከፈለው ብርና የተረከበው ሰው ስም በወረቀት መዝገብ ላይም ይሰፍራል፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ከሱቁ የሚደወለው መደበኛ ስልክ ነው፣ በጉም በታዘዘበት ቀን ጎሬ ይደርሳል።