ሃምሳ ፓውንድ ስንት ዙር ይቆያል?

«ስታርበርስት» እና «ዴድ ኦር አላይቭ» ኔትኤንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሠራቸው የስሎት ጨዋታዎች ናቸው። በተለመደው ቅጂያቸው የመጀመሪያው ከተወራረደው ገንዘብ 96.09 በመቶውን፣ ሁለተኛው 96.82 በመቶውን ለተጫዋቾች ይመልሳሉ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ትንሽ ገንዘብ ይዞ የገባ ሰው ግን ቶሎ ባዶ እጁን የሚቀረው በዚሁ በሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ቮላቲሊቲ ይባላል፤ ጨዋታው የሚመልሰውን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል ወይስ አልፎ አልፎ በትልቁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እውነተኛዎቹ ጨዋታዎች ብዙ ዓይነት ክፍያ ስላላቸው ለስሌት አይመቹም። ስለዚህ ሁለት ቀላል ማሽኖች እናስብ፤ ሁለቱም 95 በመቶ ይመልሳሉ፣ ዙሩም አንድ ፓውንድ ነው። የመጀመሪያው ከ1000 ዙር በ475ቱ ገደማ ሁለት ፓውንድ ይከፍላል። ሁለተኛው በአማካይ ከመቶ ዙር በአንዱ 95 ፓውንድ ይሰጣል፤ በቀሩት ምንም።

በእጃችን 50 ፓውንድ አለ እንበል። በመጀመሪያው ማሽን 200 ዙር ሳይሞላ ገንዘቡ የሚያልቅበት ሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሆንም። በሁለተኛው ግን ከመቶ ሰዎች 60ዎቹ በ50 ዙር ውስጥ አንድም ጊዜ ሳያገኙ ይጨርሳሉ። በብሪታንያ ከጥቅምት 2021 ወዲህ የኦንላይን ስሎት አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ ማነስ አይችልም፤ በዚያ ፍጥነት 50 ዙር ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም።

የሚገርመው አማካዩ አንድ መሆኑ ነው። በሁለቱም ማሽኖች በየዙሩ በአማካይ 5 ሳንቲም ስለሚጠፋ፣ 50 ፓውንድ በአማካይ 1000 ዙር ይዘልቃል። በሁለተኛው ማሽን ይህን አማካይ የሚያወጡት ግን ጥቂት ዕድለኞች ናቸው፤ እነሱ ሺዎች ዙር ሲጫወቱ ብዙኃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰናብቷል። «50 ዙር ከበላኝ አሁን ሊሰጠኝ ነው» ማለትም አያዋጣም። ማሽኑ ያለፈውን አያስታውስም፤ 51ኛውም ዙር ያው ከመቶ አንድ ነው።

ጨዋታው ላይ የሚለጠፈው «ከፍተኛ» ወይም «መካከለኛ» የሚል ምልክትም ለሁሉም ኩባንያ አንድ መለኪያ የለውም፤ የአንዱ «መካከለኛ» ለሌላው «ከፍተኛ» ሊሆን ይችላል። ሙዚቃውና ብልጭታውም አያስተማምንም፤ አንድ ፓውንድ አስይዞ 40 ሳንቲም «ያሸነፈ» ሰው 60 ሳንቲም ከስሯል።

የሚለወጠው የውርርዱ መጠን ነው። በሁለተኛው ማሽን ውርርዱ ወደ 25 ሳንቲም ቢወርድ 50 ፓውንድ 200 ዙር ይገዛል፤ አንድም ጊዜ ሳያገኙ የሚጨርሱትም ከመቶ ወደ 13 ይወርዳሉ። ትልቁ ክፍያ ግን ከ95 ፓውንድ ወደ 23.75 ይቀንሳል፤ ከተወራረደው የሚጠፋው 5 በመቶም እንዳለ ነው።