«ኢንፎርሜሽንስ» የሚለው ኤስ ከየት መጣ?

ባለፈው አንድ የከሚሴ ልጅ ለሥራ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ «እስኪ እዩልኝ» ብሎ በኢንቦክስ ላከልን። ደብዳቤው ጥሩ ነው። ግን ሦስት ቦታ ላይ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ኢኩዊፕመንትስ» እና «ፋይቭ ኤክስፒሪየንስስ» ይላል። ሦስቱም ስህተት ናቸው። እኛም ከዚህ በፊት «አድቫይስስ» ብለን ፖስት አድርገን በኮመንት ታርመናል፣ ስለዚህ አልሳቅንበትም።

ስህተቱ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ ምክር ሲበዛ ምክሮች፣ መረጃም መረጃዎች ይሆናል። በአፋን ኦሮሞም እንደዚያው ነው፤ ጎርሳ ጎርሶታ ይባላል፣ ኦዴፈኖም ኦዴፈኖወን። ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማ ያደገ የኛ አካባቢ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ኤስ ቢጨምር ምን ይገርማል?

እንግሊዝኛ ግን አድቫይስንና ኢንፎርሜሽንን የሚያያቸው እንደ ውሃ ወይም እንደ ዱቄት ነው፤ ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም ያው ውሃ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ሰኞ ባቲ ገበያ ሂዱ፣ ወይም እሁድ ሰንበቴ። ማሾ የሚገዛ ሰው «ሦስት ማሾ ስጠኝ» አይልም። ሦስት ኪሎ ወይም ሦስት ኩንታል ይላል። ነጭ ሽንኩርት ሲገዛም «ሁለት ራስ» ይላል። የሚቆጠረው መስፈሪያው ነው እንጂ እህሉ አይደለም። እንግሊዝኛም ለምክር እንደዚሁ መስፈሪያ አለው፣ እሱም «ፒስ» ነው። ሦስት ምክር ለማለት «ስሪ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል። ኤስ የምትለጠፈው ፒስ ላይ ነው፣ አድቫይስ እንዳለ ይቀመጣል።

«ምክር እኮ ይቆጠራል፣ አባቴ ትናንት ሁለት ምክር መክሮኛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቆጠራል። የማሾ ፍሬም ቁጭ ብሎ ለቆጠረው ይቆጠራል። ጉዳዩ ግን መቆጠር መቻሉ ላይ አይደለም፣ ቋንቋው እንዴት ለመያዝ እንደመረጠ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ራሱ ሩዝን «ራይስ» ብሎ ያለ ብዙ ቁጥር ይተወዋል፣ ምስርን ግን «ሌንትልስ» ብሎ ያበዛዋል። ሁለቱም እኮ ፍሬ ናቸው! ኢንፎርሜሽን የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳዮች ግን እስከ ዛሬ በብዙ ቁጥር ይጠቀሙበታል። በድሮው እንግሊዝኛም በብዙ ቁጥር ይጻፍ ነበር፣ በኋላ ነው የቀረው። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ ሎጂክ ከመፈለግ ልማድ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ኤሱን ማጥፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ቃሉ የማይቆጠር ከሆነ ከፊቱ «አን» አይገባም። «ጊቭ ሚ አን አድቫይስ» ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ ግን ስህተት ነው። «ሰም አድቫይስ» ይባላል። «ሜኒ» የነበረው «ማች» ይሆናል፣ «ዚዝ» የነበረው «ዚስ»፣ «አር» የነበረውም «ኢዝ»። የኛን ሥራ የሚመለከተው «ኒውስ» ደግሞ ጭራሽ አሳሳች ነው፤ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው፣ ነገር ግን «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ልጁ ደብዳቤ እንመለስ። «ኤኒ ኢንፎርሜሽንስ» ያለው «ኤኒ ኢንፎርሜሽን» ሆነ። «ኦፊስ ኢኩዊፕመንትስ» ያለው «ኦፊስ ኢኩዊፕመንት» ሆነ። ሦስተኛው ግን ከበድ ይላል። ልጁ ሊል የፈለገው በሽያጭ ሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ ነው። «ኤክስፒሪየንስስ» በእንግሊዝኛ ትክክለኛ ቃል ነው፣ ትርጉሙ ግን በሕይወት ያጋጠሙ ገጠመኞች ማለት ነው። ቀጣሪው ሲያነበው አምስት ገጠመኝ እንጂ አምስት ዓመት አይታየውም። የሥራ ልምድ ለማለት ኤስ የለውም፤ «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ብለን አስተካከልንለት። እዚህም የሚቆጠረው መስፈሪያው፣ ማለትም ዓመቱ ነው።

እንደ ኤክስፒሪየንስ ሁለት ፊት ያላቸው ሌሎችም አሉ። ኮፊ አይቆጠርም፣ ግን ካፌ ገብታችሁ «ቱ ኮፊስ» ብትሉ ሁለት ስኒ ማለት ስለሆነ ችግር የለውም። ፔፐርም ወረቀት ሲሆን አይቆጠርም፣ ጋዜጣ ወይም የፈተና ወረቀት ሲሆን ግን ይቆጠራል።

ቃሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ስልካችሁ ላይ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ከስሙ አጠገብ [U] ካለ አይቆጠርም፣ [C] ካለ ይቆጠራል፣ ሁለቱም ካሉ ትርጉሞቹን ለየብቻ አንብቡ። መዝገበ ቃላት በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ የሚቆጠር ዘመዱን ተጠቀሙ፤ በአድቫይስ ፋንታ «ሰጀስችንስ»፣ በኢንፎርሜሽን ፋንታ «ዲቴይልስ» ማለት ይቻላል። እነሱ ላይ ኤሷን እንደልባችሁ ለጥፏት።